ሦስተኛው አቅራቢ ሰዓቱ እንዳይበላ

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ሰሚናር ላይ ደጋግሞ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሦስት አቅራቢ ከተያዘ የመጀመሪያው እንደ ልቡ ይናገራል። ሁለተኛው ሰዓቱን እያየ ይናገራል። ሦስተኛው ደግሞ «ጊዜ ስለሌለን ዋና ዋናውን ብቻ» ይባልና ያዘጋጀውን ስላይድ እየዘለለ፣ «ይሄን እለፈው፣ ይሄንንም እለፈው» እያለ ይጨርሳል። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ከሦስቱ በላይ የተዘጋጀው እሱ ነው፤ አስተያየት የሚያስፈልገውም ከሦስቱ በላይ ለእሱ ነው።

ጥፋቱን ብዙ በተናገሩት ላይ መጣል ይቀናናል። መድረክ ስመራ እንዳየሁት ግን ደቂቃዎቹ የሚባክኑት ማንም አፉን ሳይከፍት በፊት፣ ሁለት ትንንሽ ጽሑፎች ሲጻፉ ነው። አንዱ ግድግዳው ላይ የሚበራው የመርሐ ግብር ስላይድ ነው። ሌላው የመድረክ መሪው አቅራቢዎቹን የሚያስተዋውቅበት አጭር ንባብ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት በመጨረሻው ሰዓት፣ ከባለፈው ዓመት ፋይል ላይ ስም በመቀየር ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንድ የእጽዋት ሳይንስ ትምህርት ክፍል በጤፍ ላይ የ2 ሰዓት ሰሚናር ሊያካሂድ ነው እንበል። ቀኑ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ይሁን የሚል ሰው ከተገኘ ኅዳር 12 ሚካኤል መሆኑን፣ የጁምዓ ሶላትም እንዳለ ሌላው ያስታውሰዋል። የመጀመሪያው አቅራቢ በጤፍ ማዳቀል ላይ የቆዩ ፕሮፌሰር ናቸው፤ የሚናገሩት ጤፍ ለምን እንደሚጋሽብ ነው። ሁለተኛው ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የመጡ ባለሙያ ናቸው፤ ጤፍን በመስመር መዝራት ገበሬው ማሳ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ያቀርባሉ። ሦስተኛዋ የማስተርስ ተማሪ ነች፤ ጤፍ ከአጨዳ እስከ አውድማ ምን ያህል እንደሚባክን ለክታለች። ለምሳሌ የተያዙ ሰዎች ስለሆኑ ስማቸውን እገሌና እገሊት እያልኩ አልፋለሁ።

ከባለፈው ዓመት ፋይል የሚወጣው ስላይድ ይህን ይመስላል፦

የሰሚናር መርሐ ግብር
የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር
የመክፈቻ ንግግር
የአቅራቢዎች ትውውቅ
ጽሑፍ አቅራቢ 1
ጽሑፍ አቅራቢ 2
ሻይ ቡና
ጽሑፍ አቅራቢ 3
ጥያቄና መልስ
የመዝጊያ ንግግር

ሲያዩት ሥርዓት ያለው ነው። ሰዓት ግን የለውም። ሰዓት ያልተጻፈበት መርሐ ግብር የመድረክ መሪውን እጁን ያስረዋል፤ ፕሮፌሰሩን «25 ደቂቃ ሆነዎት» ብሎ ለማቋረጥ የሚያመለክትበት ነገር የለውም። ግድግዳው ላይ «8:35» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ግን ማቋረጡ የመሪው ድፍረት መሆኑ ይቀርና የጽሑፉ ጉዳይ ይሆናል። ትንሽ ሰው ትልቅ ሰውን ለማስቆም በሚቸገርበት ባህላችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ሻይ ቡናው ያለበት ቦታ ነው። ከሦስተኛው አቅራቢ በፊት ተቀምጧል። ለሻይ የወጣ ሰው ግማሹ ወደ ቢሮው ይሄዳል፣ ገሚሱ በረንዳ ላይ ወሬ ይይዛል፣ 15 ደቂቃ የተባለው ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ተማሪዋ የምታቀርበው ለአማካሪዋና ለሦስት ጓደኞቿ ይሆናል ማለት ነው። ሻይ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሰው ሻይ ይጠብቃል፤ ሻይ ግን ሰውን አይመልስም።

ሦስተኛው ችግር ጥያቄና መልሱ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ መደረጉ ነው። ሦስቱ አብረው ሲቀመጡ ጥያቄው ሁሉ ወደ ፕሮፌሰሩ ይሄዳል። የወረዳው ባለሙያ አንድ ጥያቄ ቢደርሳቸው ነው፤ ተማሪዋ ምንም። እያንዳንዱ አቅራቢ እንደጨረሰ የራሱ የጥያቄ ጊዜ ቢኖረው ይህ ይቀራል። ትውውቁም እንዲሁ ነው። ሦስቱንም መጀመሪያ ላይ በአንድነት ካስተዋወቅናቸው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የምትነሳዋ ልጅ ማን እንደነበረች የሚያስታውስ የለም።

ሁለቱ ንግግሮችም አንድ ይሁኑ። እንኳን ደህና መጣችሁ ያለ ሰው መክፈት አያቅተውም።

ሒሳቡን እንሥራ። ያለን ጊዜ ከ8:00 እስከ 10:00፣ ማለትም 120 ደቂቃ ነው። ለመክፈቻ 5 ደቂቃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አቅራቢ 30 ደቂቃ እንስጥ፤ ከዚህ ውስጥ 2 ደቂቃው ለማስተዋወቅና ፋይል ለመክፈት፣ 20 ደቂቃው ለገለጻ፣ 8 ደቂቃው ለጥያቄ ነው። ሦስቱ 90 ደቂቃ ወሰዱ። 25 ደቂቃ ተረፈ፤ 20ው ለጋራ ውይይት፣ 5ቱ ለመዝጊያ ይሆናል። ስላይዱ እንግዲህ እንዲህ ይጻፋል፦

የጤፍ ምርት፦ ከዘር እስከ አውድማ
ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ
8:00 መክፈቻ
8:05 ጤፍ ለምን ይጋሽባል? — ፕሮፌሰር እገሌ
8:35 በመስመር መዝራት በገበሬው ማሳ — አቶ እገሌ
9:05 ከአጨዳ እስከ አውድማ የሚባክን ጤፍ — ወ/ሪት እገሊት
9:35 የጋራ ውይይት
9:55 መዝጊያ
10:00 ሻይ ቡና

የጋራ ውይይቱ 20 ደቂቃ የተሰጠው ለውይይት ብቻ ተብሎ አይደለም፤ መጠባበቂያም ነው። የአገራችን ሰሚናር በሰዓቱ እንደማይጀምር እናውቃለን። አዳራሹ 8:15 ላይ ከሞላ፣ የሚቀነሰው ከውይይቱ 15 ደቂቃ እንጂ ከተማሪዋ 20 ደቂቃ መሆን የለበትም። ይህን አስቀድሞ ያሰበ መሪ አንድ ሌላ ሥራም ሠርቶ ይመጣል። ያንኑ ስላይድ ቀድቶ፣ ከመክፈቻው እስከ ጋራ ውይይቱ መጀመሪያ ያሉትን ሰዓቶች በ15 ደቂቃ ገፍቶ፣ ሁለተኛ ቅጂ ያስቀምጣል። ዘግይቶ ሲጀመር ሁለተኛውን ያበራል። ስላይዱ 8:05 እያለ የግድግዳው ሰዓት 8:25 ካለ ሰው ስላይዱን ማመን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ በእሱ ማንንም ማስቆም አይቻልም።

ርዕሶቹ ለምን አጠሩ የሚል ይኖራል። የተማሪዋ የመመረቂያ ጽሑፍ ሙሉ ርዕስ «በአነስተኛ ይዞታ ገበሬዎች ዘንድ የጤፍ ድኅረ ምርት ብክነት መጠንና መንስኤዎች ግምገማ» ዓይነት ነው፤ የወረዳውና የዞኑ ስም ሲጨመርበት ሦስት መስመር ይይዛል። ሦስት መስመር የያዘ ርዕስ ፊደሉን ያሳንሰዋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ አያነበውም። ሙሉው ርዕስ በራሷ የመጀመሪያ ስላይድ ላይ ይገኛል። ለማሳጠር ግን ባለቤቷን መጠየቅ ግዴታ ነው። «የሚባክን» የሚለው ቃል ከምትለካው ነገር ጋር ላይሄድ ይችላል፤ ያን የምታውቀው እሷ ነች። አንዴ ከተስማማች በኋላ በማስታወቂያው፣ በስላይዱና በማስተዋወቂያው ላይ ያው አንድ ርዕስ ይሁን። ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ርዕስ የሚታይበት ሰሚናር ብዙ ነው።

የሰዓት አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ መምህራኑም ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች አይጠፉም። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ስላይድ ላይ ባዶውን `8:00` ብሎ መተው አደጋ አለው። አበሻው ከሰዓት ስምንት ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው የጠዋት ይመስለውና በፈረንጆቹ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ 2 ሰዓት ላይ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኛል። እንግሊዝኛ ከሆነ `2:00 PM`፣ አማርኛ ከሆነ «ከሰዓት 8:00» ይባል፤ መደባለቅ አያስፈልግም። ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚያቀርብ ሰው ካለ ደግሞ በራሱ አገር ሰዓት ስንት እንደሚሆን ጽፎ መላክ ነው። በኅዳር ወር የእኛ ከሰዓት ስምንት በዋሽንግተን ዲሲ ከንጋቱ 6:00 በፈረንጆች ሰዓት ነው። የዲሲው ወገናችን ቀጠሮውን ከመቀበሉ በፊት ይህን ቢያውቅ ይወዳል።

ፊደሉ ራሱ ጉድ የሚያመጣበት ጊዜም አለ። በራስ ኮምፒውተር ላይ ያማረው የአማርኛ ስላይድ በአዳራሹ ኮምፒውተር ሲከፈት ሁለት ዓይነት መልክ ሊያሳይ ይችላል። ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ የአዳራሹ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንት የለውም ማለት ነው። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየ ደግሞ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ አሠራር ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች አማርኛውን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። በእነሱ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ዛሬም በየቢሮው አሉ፤ «የባለፈው ዓመት ፋይል» ብዬ ያልኩትም አንዳንዴ ከእነሱ አንዱ ነው።

የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒት አለው። በፓወርፖይንት ከ`File`፣ `Options`፣ `Save` ገብቶ `Embed fonts in the file` የሚለውን ምልክት ማድረግ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር ያስጉዘዋል። ከዚህም የሚቀለው የመርሐ ግብሩን ስላይድ በፒዲኤፍ አስቀምጦ መሄድ ነው። ለሁለተኛው በሽታ እንደ ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም አቢሲኒካ ባሉ የዩኒኮድ ፎንቶች እንደገና መጻፍ ነው የሚሻለው፤ ዘጠኝ መስመር ነውና ብዙ አያደክምም።

መጋረጃ የሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ አምፖሉ በደከመ ኤልሲዲ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት እየገባ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል አይታይም። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል፣ መጠኑ ከ28 የማያንስ ይሁን። የትምህርት ክፍሉን ዓርማ፣ የጤፍ ማሳ ፎቶና የባንዲራ ቀለም ያለበትን ጠርዝ ማውጣት ያስከፋል፤ ቦታ ግን ይሰጣል። ከኋለኛው ረድፍ ቆሞ ማንበብ ከተቻለ ስላይዱ አልቋል።

አሁን ወደ ማስተዋወቂያው። እዚህ ላይ ነው ደቂቃ የሚፈስሰው።

የተለመደው መንገድ አቅራቢውን «ሲቪህን ላክልኝ» ማለት ነው። አራት ገጽ ይመጣል። መሪው መድረክ ላይ ቆሞ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከዚህ፣ ሁለተኛቸውን ከዚያ፣ በዚህ ኮሚቴ አባል፣ በዚያ መጽሔት ገምጋሚ እያለ ያነባል። ለፕሮፌሰሩ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ለወረዳው ባለሙያ ግማሽ ደቂቃ፣ ለተማሪዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የጊዜው ብክነት እንዳለ ሆኖ፣ አድማጩ አዳራሹ ውስጥ ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ ተነግሮት ቁጭ ይላል። ለትልቁ ጆሮውን ይሰጣል፤ ትንሿ ስትነሳ ስልኩን ያወጣል።

ከሲቪ ይልቅ አራት ጥያቄ በቴሌግራም መላክ የተሻለ ነው። ስምዎና ማዕረግዎ እንዴት ይጠራ? ርዕሱ በዚህ መልክ ቢያጥር ይስማማሉ? ከዚህ ርዕስ ጋር ያገናኘዎት የትኛው ሥራ ነው? አድማጩ በተለይ ምን ላይ እንዲያተኩር ይፈልጋሉ? ሰው ለእነዚህ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ነው፤ ከአራቱ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ማስተዋወቂያው አድማጩ በልቡ የያዘውን አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ይህን ጉዳይ ከዚህ ሰው አፍ ለምን እሰማለሁ? ከሲቪው ውስጥ ለዚህ መልስ የሚሆነው ተመርጦ ይገባል፤ ቀሪው ይቀራል። ለሦስቱም ርዝመቱ እኩል ይሁን። ከአምስት እስከ ስድስት ዓረፍተ ነገር ዝግ ተብሎ ሲነበብ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ጮክ ብሎ በስልክ ሰዓት እየለኩ ማንበብ ነው። ለፕሮፌሰሩ ይህ ይበቃል፦

«ጤፍ ዝናብና ነፋስ ሲያገኘው ማሳው ላይ ይተኛል፤ ፍሬው ይቀንሳል፣ አጨዳውም ያስቸግራል። የመጀመሪያው አቅራቢያችን ከዚህ ችግር ጋር ብዙ ዓመት የታገሉ የሰብል ማሻሻያ ተመራማሪ ናቸው። በምርምር ማዕከል ሳሉ አገዳቸው ጠንከር ያለ የጤፍ ዘሮችን በመምረጥ ሥራ ላይ ነበሩ፤ አሁን በትምህርት ክፍላችን የሰብል ማሻሻያ ያስተምራሉ። ጤፍ ለምን እንደሚጋሽብ፣ ማዳቀልም እስከ የት ሊረዳ እንደሚችል ይነግሩናል። ፕሮፌሰር እገሌን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።»

«የጤፍ ምርምር አባት» የሚል ነገር እንዳልገባ ልብ ይሏል። መሪዎች ይህን ማለት ይወዳሉ፤ አቅራቢውን ግን በባልደረቦቹ ፊት ያሳፍረዋል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣውን ቁንጮ የተባለውን ዝርያ እንውሰድ። ሁለት የቆዩ ዝርያዎችን አዳቅሎ፣ ዘራቸውን ትውልድ በትውልድ እየመረጡ፣ በየአካባቢው ሞክሮ ለገበሬው ማድረስ የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ የተካፈለን ሰው «የተካፈሉ» ማለት እውነትም ነው፣ ክብርም ነው።

የወረዳው ባለሙያ ማስተዋወቂያ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚደረደር ዲግሪ ስለሌለ መሪው እጁ ባዶ ይመስለዋል። የእሳቸው ዕውቀት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦

«ጤፍ በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይወስዳል፤ በመስመር ሲዘራ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ይባላል። ገበሬው ታዲያ የሚቆጥረው ዘሩን ብቻ አይደለም፤ የሰው ጉልበቱንም ይቆጥራል። ቀጣዩ አቅራቢያችን በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ባለሙያ ናቸው። በመስመር መዝራት ከጀመሩ ገበሬዎች ጋር በየማሳው ሠርተዋል፤ የቀጠሉበትንም የተዉትንም በየስማቸው ያውቋቸዋል። ዛሬ ያዩትን ያካፍሉናል። አቶ እገሌን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።»

የዘሩ መጠን እዚህ የገባው ሰሚናሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው፤ የገለጻው መነሻ እንጂ ውጤቱ አይደለም። መሪው «ገበሬዎቹ በጉልበት እጥረት ምክንያት እንደተዉት ያሳዩናል» ቢል ኖሮ የባለሙያውን መደምደሚያ ቀድሞ ወሰደባቸው ማለት ነው። አንዳንድ መሪዎች ርዕሱን ስለሚያውቁት ገለጻውን ራሳቸው ጀምረው ያጋምሱታል። አቅራቢው ሲነሳ «ቀደም ሲል እንደተባለው» እያለ ነው የሚጀምረው።

ለተማሪዋ ደግሞ፦

«ጤፍ ከታጨደ በኋላም ይጠፋል። በነዶ ሲታሰር፣ በክምር ሲቆይ፣ አውድማ ላይ ሲወቃና ሲነፋ በየደረጃው የሚቀር ፍሬ አለ። ሦስተኛዋ አቅራቢያችን በትምህርት ክፍላችን የማስተርስ ተማሪ ናቸው፤ ይህን ብክነት ገበሬው አውድማ ላይ ቆመው በሚዛን ለክተዋል። ሥራቸው ገና አልተጠናቀቀም፤ በተለይ በአለካክ ዘዴያቸው ላይ አስተያየታችሁን ይፈልጋሉ። ወ/ሪት እገሊትን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።»

ከመጨረሻው በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ከአራተኛው ጥያቄ የመጣ ነው። ይህን የሰማ መምህር የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ «ናሙናው ትንሽ ነው» ብቻ ብሎ አይቀመጥም፤ ከአውድማ ወለል ላይ የወደቀውን ፍሬ ከአፈር እንዴት ለየሽው ብሎ ይጠይቃል።

በመንገድ ላይ ብትገናኝ «አንቺ» የምትባል ልጅ መድረክ ላይ «ናቸው» መባሏ የሚከነክነው ሰው አለ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት አክብሮት መጠቀም ነው የሚሻለው፤ ለፕሮፌሰሩ «ያቀርባሉ» ተብሎ ለእሷ «ታቀርባለች» ከተባለ እንደ ረጅሙ ሲቪ ያው ማዕረግ መደርደር ነው። ወ/ሪት ወይም ወ/ሮ የሚለውንም በግምት አይጽፉትም፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ለዚህ ነው የተላከው። ሁለቱንም የማትፈልግ ከሆነ ስሟን ከነአባቷ ስም መጥራት ይበቃል።

ማዕረግ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። ዶክትሬቱን ገና በመማር ላይ ያለውን «ዶክተር» ማለት አንዱ ነው። አቅራቢው ወይ ቆሞ ያርማል፣ ወይ እያፈረ ዝም ይላል። ሌላው ረዳት ፕሮፌሰሩንም ተባባሪ ፕሮፌሰሩንም «ፕሮፌሰር» ብሎ መጥራት ነው። በእኛ አገር ልማድ ያ መጠሪያ ለሙሉ ፕሮፌሰር የተተወ ነው፤ ሌሎቹ ዶክትሬት ካላቸው ዶክተር ይባላሉ። የውጭ አገር እንግዳ ካለ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የእኛን ሰው በራሱ ስም እንጠራዋለን፤ እንግዳው ማዕረጉ የሚያርፈው በቤተሰብ ስሙ ላይ ነው።

ሦስቱም ማስተዋወቂያዎች በስምና በ«እጋብዛለሁ» ያለቁት በአጋጣሚ አይደለም። ስሙ መጀመሪያ ላይ ከተጠራ አቅራቢው ይነሳል፣ ሰውም ያጨበጭባል፤ ቀሪው ንባብ በመንገድ ላይ ባለ ሰው ጀርባ ላይ ይነበባል። ስሙ እስኪጠራ ድረስ ደግሞ የመርሐ ግብሩ ስላይድ ተመልሶ ይበራል፤ አሁን ያለንበት መስመር ደመቅ ብሎ። ለዚህ ስላይዱን ሦስት ጊዜ መቅዳትና በየቅጂው አንድ መስመር ማድመቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰው ማስተዋወቂያውን እየሰማ ባለበት ደቂቃ ከጎን ያለ አንድ ሰው ቀጣዩን ፋይል ይከፍታል። ፋይሎቹ ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ላፕቶፕ ላይ፣ በአንድ ፎልደር ውስጥ፣ `1_`፣ `2_`፣ `3_` ተብለው ከተቀመጡ ያ ደቂቃ ይበቃል። ፍላሽ ሲፈለግ፣ ፍላሹ ቫይረስ አለው ሲባል፣ ኬብል ሲቀያየር የሚያልፈው ጊዜ ከሦስተኛው ድርሻ እንደሚሄድ ማንም አይናገርም።

ንባቦቹ በወረቀት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ግማሽ ገጽ፣ ፊደሉ ተለቅ ብሎ ይታተሙ። ከስልክ ማንበብ መጥፎ ነው፤ መሐል ላይ ይደወላል። ግማሽ ገጽ የመሆኑ ጥቅም ግን ሌላ ቦታ ይታያል። ከወረዳ የሚመጡት ባለሙያ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው 8:30 ላይ «ግማሽ ሰዓት እዘገያለሁ» ብለው ሊደውሉ ይችላሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛዋ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው ማለት ነው። በማስተዋወቂያው ውስጥ «ፕሮፌሰሩ ካነሱት ቀጥሎ» ወይም «አሁን ከሰማነው የመስመር ዘር በመነሳት» የሚል ሐረግ ተሰፍቶበት ከሆነ መሪው መድረክ ላይ ቆሞ ይሰርዛል፤ ይደናበራልም። ስለዚህ አንዱን ገለጻ ከሌላው የሚያያይዝ ዓረፍተ ነገር ካስፈለገ ከማስተዋወቂያው ውጭ፣ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ይጻፍ። በለውጡ ቀን ያ ቁራጭ ይጣላል። «ሦስተኛዋ» የሚለው «ሁለተኛዋ» ይሆናል፤ የባለሙያው «ቀጣዩ» ስለሚል እንዳለ ይነበባል። ስላይዱ ላይ የ8:35ና የ9:05 መስመሮች ሰዓታቸው ባለበት ሆኖ ርዕስና ስም ይለዋወጣሉ፤ በፒዲኤፍ ብቻ የመጣ መሪ ይህን ማድረግ ስለማይችል ዋናውን ፋይልም አብሮ ይዞ ይገኛል። ተማሪዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እንደምትነሳ ግን ስሟ ከመጠራቱ በፊት፣ ቢያንስ ፕሮፌሰሩ ጥያቄ እየመለሱ ባለበት ጊዜ፣ አጠገቧ ሄዶ መንገር ያስፈልጋል።